ድካሙ የት ይቀመጣል? ስለ ሦስት ዓይነት የአየር ጠመንጃዎች የቀረበ ዲስኩር



ጠመንጃ ይዤ አልመጣሁም። እዚህ እንግሊዝ አገር የአየር ጠመንጃም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ይዤ የመጣሁት እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩዋቸውን ሦስት ዕቃዎች ነው፦ ሁለት ቦታ የተሰበረ የብረት ሞላ፣ ቀጭን ቱቦ የመሰለ የጋዝ ሞላ፣ እና ባዶ የአየር ሲሊንደር ከነግፊት መለኪያው። ሦስቱም ከራሴ ጠመንጃዎች የወጡ ናቸው።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነችኝ አንዲት እህታችን ናት። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። ቤቷ ረዘም ያለ ጓሮ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ላይ እያነጣጠረች አእምሮዋን ማሳረፍ ትፈልጋለች። «ከሦስቱ የቱን ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ሦስቱም «የአየር ጠመንጃ» ተብለው ጎን ለጎን ይደረደሩ እንጂ ኃይላቸው የሚመጣበት መንገድ ለየቅል ነው። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ደግሞ የትኛው ለማን እንደሚመች አይታወቅም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። ጥይቷን የሚገፋው ጉልበት ከእናንተው ክንድ ወይም ከአንድ ሞተር የመጣ ነው። ባሩድ የለም። ታዲያ ያ ድካም ጥይቷ እስክትወጣ ድረስ የት ተቀምጦ ይቆያል?

ከብረቱ ሞላ ልጀምር፤ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ባይሆንም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። በርሚንግሃም የሚገኘው ቢ.ኤስ.ኤ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1905 ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ የምንገዛው ጠመንጃም በመሠረቱ ያንኑ አሠራር የያዘ ነው። በብዙዎቹ ላይ የምታቀባብሉት አፈሙዙን ይዛችሁ ወደ ታች በማጠፍ ነው። አፈሙዙ ሲታጠፍ ከሥሩ ያለው ዘንግ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከፒስተኑ ጀርባ ያለው ሞላ ይጨመቃል። መጨረሻው ላይ «ቀጭ» ይልና ቃታው ፒስተኑን ይይዘዋል።

በዚህች ቅጽበት ጠመንጃው ውስጥ የታመቀ አየር የለም። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ከፒስተኑ ፊት ያለው አየር እኛ አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ መጠኑም 40 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከግማሽ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ ነው። ድካማችሁ ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። ቃታውን ስትስቡ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ያችን ግማሽ ሲኒ አየር ከጥይቷ ኋላ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይደፈጥጣታል። አየሩ በአንድ አፍታ ስለሚታመቅ በጣም ይግላል። ጥይቷን የሚያስወጣት ይህ የጋለና የታመቀ አየር ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ሥራውን የሚሠራው በተጫነበት ቅጽበት እንደሆነ ሁሉ፣ ባለ ሞላ ጠመንጃም አየሩን የሚያምቀው ተኩሱ በሚፈጸምበት ቅጽበት ነው።

ጉልበቱን እንመዝነው። ክብደቷ 0.547 ግራም የሆነች የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 240 ሜትር ስትወጣ የያዘችው ጉልበት ከ16 ጁል ጥቂት ያነሰ ነው። ይህ አንድ ኪሎ ስኳር ከወለል አንስቶ ትከሻ ድረስ እንደማድረስ ነው። ለዚያ ግን ክንዳችሁ የከፈለው ወደ 50 ጁል ገደማ ነው፤ አምስት ኪሎ ጤፍ አንድ ሜትር ከፍ እንደማድረግ። ጥይቷ ጋ የሚደርሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። የቀረው በሰበቃ፣ በሙቀትና በርግጫ ይባክናል።

ርግጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህን ጠመንጃ ጠባይ የሚወስነው እሱ ነውና። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመጣል። ፒስተኑ ፊት ለፊቱ የታመቀውን አየር ሲያገኝ ድንገት ይገታል፤ ያኔ ጠመንጃው ወደ ፊት ይነጠቃል። ጥይቷ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለች ጠመንጃው እጃችሁ ላይ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ስለዚህ አጥብቆ የያዘው ሰው አንድ ቦታ፣ ላላ አድርጎ የያዘው ሌላ ቦታ ይመታል። መድኃኒቱ ጠመንጃውን ክፍት መዳፍ ላይ አሳርፎ፣ ትከሻ ላይ ቀለል አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ተኩስ በተመሳሳይ መንገድ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ከተኮሳችሁ ጥይቶቹ ይበታተናሉ፤ ጥፋቱ የዓይናችሁ ይመስላችኋል፣ ግን አይደለም። መነጽር የምትገጥሙበትም ከሆነ ለባለ ሞላ ጠመንጃ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። ከባሩድ ጠመንጃ ርግጫ የሚተርፍ መነጽር በዚህ የኋላና የፊት ንጥቂያ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል።

አሁን ይህን የተሰበረ ሞላ ተመልከቱት። ሳወጣው ሦስት ቁራጭ ሆኖ ነበር። የሚገርመው ግን ጠመንጃው መተኮሱን አላቆመም ነበር። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ሳቀባብል የመፋጨት ድምፅ ስሰማ ነው። የፍጥነት መለኪያ አምጥቼ ብፈትነው በሰከንድ 240 ሜትር ይል የነበረው ወደ 205 ወርዷል። ያ ማለት ከ16 ጁል ገደማ ወደ 11 ጁል ተኩል ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

የፍጥነት መውረድ ሦስት የተለመዱ ምክንያቶች አሉት፦ አፈሙዙ ከሰውነቱ ጋር የሚገጥምበት ጎሚኒ አየር ማስወጣት፣ የፒስተኑ ራስ ጎሚኒ ማለቅ፣ ወይም የሞላው መድከምና መሰበር። ከቀላሉ ጀመርኩ። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ መገጣጠሚያው ላይ አስቀመጥኩና ማነጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ተኮስኩ። አየር እዚያ ጋ ቢያመልጥ ሶፍቱ ይበር ነበር። አልተነቃነቀም። የመፋጨቱን ድምፅ ከዚህ ጋር ሳገናኘው ሞላው ጥርጣሬዬን ሳበው። ጠመንጃውን ስንፈታው እንደምታዩት ሆኖ አገኘነው። «ስንፈታው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ይህ ሞላ ሳይቀባበልም ተጨምቆ የታሰረ ስለሆነ የኋላ መዝጊያውን ያለ ማያዣ የከፈተ ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነጠርበት ይችላል። አዲሱ ሞላ ሲገባ ጠመንጃው ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። የባለ ሞላ ትልቁ በጎነት ይህ ነው። ይሰበራል፣ ነገር ግን በርካሽ ዕቃ ይድናል።

የሰበረው ምን ነበር? ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ለእንግዶች ሳሳይ ጥይት ሳላስገባ ደጋግሜ ተኩሼዋለሁ። ጥይት ከሌለች አየሩ ያለ ከልካይ ይወጣል፤ ፒስተኑን የሚያበርደው ትራስ አይኖርም፤ ብረት ከብረት ይላተማል። ሁለተኛ፣ ዘይት አብዝቼበታለሁ። አየሩ ሲታመቅ ብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚግል ፒስተኑ ፊት ያለ ዘይት እንደ ናፍጣ ሞተር ይነድዳል። ኃይለኛ ጩኸት፣ ከአፈሙዙ የሚወጣ ጭስና የተቃጠለ ሽታ ካስተዋላችሁ የሆነው ይኸው ነው። ሞላውንም ጎሚኒውንም ይጎዳል።

ወደ ጋዝ ሞላው እንለፍ። የመኪናን የኋላ በር ከፍታችሁ ስትለቁት ሳይወድቅ ደግፎ የሚይዘውን ቀጭን በትር ታውቁታላችሁ። ይህ የዚያ ወንድም ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ወይም ናይትሮጅን ታምቆ ታሽጓል። የብረቱን ሞላ አውጥታችሁ ይህን ብትተኩበት የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው። ቴዎበን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን አሠራር ገበያ ላይ ካወጣው ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ተከትለውታል።

እዚህ ላይ በሻጮችም ዘንድ የሚሰማ ስህተት አለ። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ጥይቷን አይነካትም። አይወጣም፣ አያልቅም። ሥራው ፒስተኑን መግፋት ብቻ ነው። ጥይቷን የሚያስወጣት እዚህም ያችው ግማሽ ሲኒ ተራ አየር ናት። ስለዚህ ባለ ጋዝ ሞላ የባለ ሞላ ዘመድ እንጂ የባለ ሲሊንደር ዘመድ አይደለም። በየተኩሱ ማቀባበል አለ፣ የኋላና የፊት ርግጫ አለ፣ ላላ አድርጎ መያዝም ያስፈልጋል።

የሚለየው በጠባዩ ነው። የብረት ሞላ ሲፈታ ጠመንጃውን በጥቂቱ ያጣምማል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ጋዝ አይጣመምም። ራሱን ይዞ የሚወረወር ከባድ ብረትም ስለሌለው ፒስተኑ ይፈጥናል፤ ርግጫው አጭርና ሹል ይሆናል። ተቀባብሎ ረጅም ሰዓት ቢቆይ እንደ ብረት አይደክምም፤ ይህን ግን የተቀባበለ ጠመንጃ አቆይቶ ለማስቀመጥ ሰበብ አታድርጉት። ክንድ ላይ ደግሞ ከበድ ይላል። የብረት ሞላ መጀመሪያ ላይ ልል ሆኖ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ጋዙ ግን ገና ከመነሻው በሙሉ ግፊቱ ይቃወማችኋል።

ብርድም ይነካዋል። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ብትወስዱት ሰባት በመቶ ያህል ያጣል። የክረምት ማለዳ ላይ ጥይቷ ትንሽ ዝቅ ብላ ብትመታ አትደንግጡ። ማፍሰስ ሲጀምር ግን ምልክቱ ሌላ ነው፦ ማቀባበሉ ያለ ምክንያት እየቀለለ፣ ፍጥነቱም ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ይሄዳል። ያኔ ብዙዎቹን ቤት ውስጥ መጠገን አይቻልም፤ ቱቦው እንዳለ ይቀየራል። የተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ በፓምፕ እንደገና ግፊታቸው እንዲስተካከል ተደርገው ተሠርተዋል።

ሦስተኛው ባለ ሲሊንደሩ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። እዚህ የታመቀው አየር ራሱ ጥይቷን ይገፋል። ቃታው ሲሳብ አንድ ትንሽ መዶሻ ቫልቩን ይመታል፤ ቫልቩ ለቅጽበት ይከፈትና ጥቂት አየር ለቆ ይዘጋል። የሚወረወር ከባድ ፒስተን ስለሌለ ርግጫው አይታወቅም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ብታስደግፉት፣ አጥር ላይ ብታሳርፉት ግድ የለውም። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጥይቶቹን ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ሲሰበስብ ያየሁት በዚህ ነው።

በየተኩሱ ጥቂት ጊዜ በእጅ የሚነፋም፣ ለውድድር ተብሎ በአንድ ምት ብቻ የሚሞላም አለ። ዛሬ ግን ሰው በብዛት የሚገዛው ቀድሞ የሚሞላውን ስለሆነ በእሱ ላይ እናተኩር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ ጂራርዶኒ የሠራውን፣ ሰደፉ ራሱ የአየር ቋት የሆነ ጠመንጃ ለወታደሮቹ አድሎ ነበር። ያን ሰደፍ በእጅ ፓምፕ ለመሙላት ወደ 1500 ጊዜ መንፋት ያስፈልግ ነበር ይባላል። እስቲ ያን ወታደር አስቡት፤ ጦርነቱ ሳይጀመር ክንዱ ዝሏል።

ዛሬስ? በዚህ ሲሊንደር እናስላ። ይዘቱ 200 ሚሊ ሊትር ነው። እስከ 200 ባር እሞላዋለሁ፣ 100 ባር ሲደርስ እንደገና እሞላለሁ። በመካከሉ የሚወጣው አየር በተራ ግፊት ሲለካ 20 ሊትር ነው። ለ16 ጁል የሚጠጋ አንድ ተኩስ ሩብ ሊትር ያህል ቢወስድ 80 ጥይት ይሆናል። ይህን በእጅ ፓምፕ መልሶ ለመሙላት ከ100 በላይ ምት እነፋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ምቶች ሙሉ ክብደቴን ጭኜባቸው ነው የሚወርዱት። 80 ጥይት፣ ከ100 በላይ ምት። ባለ ሞላው ጠመንጃ ለአንድ ጥይት የሚጠይቀኝ አንድ ማቀባበል ነው። እንግዲህ ድካሙ አልቀረም። ሰዓቱ ነው የተለወጠው። ውኃ በየጊዜው በእንስራ በመቅዳትና ሌሊት ሮቶ ሞልቶ በማደር መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው።

ሮቶውን ሌላ ሲሞላላችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ጠላቂዎች የሚይዙት ዓይነት 12 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ232 ባር ቢሞላላችሁ፣ ግፊቱ ወደ 200 እስኪወርድ ድረስ ይህችን ሲሊንደር 19 ጊዜ ያህል እስከ አፏ ይሞላታል። ወደ 1500 ጥይት ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ይሠራል፤ ብቻ እስከ 200 አያደርስም። ዋጋው ግን ጠመንጃው ላይ የሚደመር ነው፦ ጠርሙሱ፣ ቱቦው፣ መሙላቱ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚደረገው የግፊት ምርመራ። ይህን ሳይቆጥሩ ባለ ሲሊንደር ገዝተው በሁለተኛው ወር ያለ አየር ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ሲሊንደር ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። «ብዙ አየር፣ ብዙ ኃይል» ብዬ እስከ 220 ባር ሞላሁት። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ከወትሮው ዝቅ ብለው መቱ። መለኪያው በሰከንድ 226 ሜትር አለ። ግፊቱ ወደ 160 ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ 242 ወጣ፤ 110 አካባቢ ተመልሶ ወደ 228 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው ራሱ የሲሊንደሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲበዛ መዶሻው ቫልቩን በደንብ መክፈት ያቅተዋል። ፍጥነቱ እንደ ጉብታ ወጥቶ ይወርዳል፤ ፈጣኑ ጥይት ጉብታው ጫፍ ላይ ያለው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ግፊት ማስተካከያ ያላቸው ጠመንጃዎች ይህን ጉብታ ያስተካክሉታል፤ በምትኩ ግን ሊያፈስ የሚችል አንድ ተጨማሪ ክፍል ይገባል።

ይህ ጉብታ እዚህ አገር የሕግ ጉዳይም ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል መብለጥ የለበትም። መጀመሪያ ላይ ለክታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ ብታስቀምጡት ጉብታው ጫፍ ላይ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። የእኔው 242 ሜትር በዚያች ጥይት 16 ጁል ነው፤ የቀረችው በጣም ጠባብ ናት። ስኮትላንድ ያላችሁ ደግሞ ኃይሉ አነስተኛ ቢሆንም የምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ማፍሰሱን ለማወቅ የማምነው ዘዴ ይህ ነው፦ ማታ መለኪያው ያለበትን ጽፎ ማደር፣ ጧት ማየት። ወርዶ ካደረ የሳሙና አረፋ መሙያው አፍና መለኪያው ሥር መቀባት። አረፋ ከተነፋ ኦሪንጉ ነው፤ ጥቂት ሳንቲም ብቻ የሚያወጣ የጎማ ቀለበት። ያንን ኦሪንግ የሚያለሰልሱበት ቅባት ግን ለዚሁ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ይሁን። በከፍተኛ ግፊት ውስጥ የማሽን ዘይት ሊፈነዳ ይችላል። ኦክስጅን ደግሞ በምንም ምክንያት፣ ከማንኛውም ጠርሙስ ቢሆን አታስገቡበት።

እንግዲህ ወደ እህታችን ልመለስ። ቅዳሜ ጧት 30 ወይም 40 ጥይት ለምትተኩስ ሰው፣ ፓምፕም ጠርሙስም ሳትይዝ አንስታ ለምትሄድ፣ መለስተኛ ኃይል ያለው ባለ ብረት ሞላ ይበቃታል ብያታለሁ። አያያዝ ያስተምራታል፤ ሲሰበርም ይጠገናል። ክንዷ የማያቅተው መሆኑን ግን ሱቅ ውስጥ ራሷ አቀባብላ ትሞክር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ። ባለ ጋዝ ሞላውን የምመክረው የሞላ መንቀጥቀጥ ለሚያስጠላው፣ ክንዱም ለሚችል ሰው ነው። አንድ ቀን ማኅበር ገብታ በርቀት ትናንሽ ዒላማዎችን መምታት ካማራት፣ ያኔ ባለ ሲሊንደር ትግዛ፤ አየሩን ከየት እንደምትሞላ ግን ከጠመንጃው በፊት ትወቅ።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ ነው የቀረኝ። ባለ ሞላም ሆነ ባለ ጋዝ ሞላ ጠመንጃ አቀባብላችሁ ጥይት ስታስገቡ ቃታው ቢያመልጥ፣ ከሥር ባለ ዘንግ የሚቀባበለው ዓይነት ተንሸራታች ክፍሉ ጣት ይቆርጣል፤ አፈሙዙ የሚታጠፈውም እንደ ወጥመድ ተስፈንጥሮ ይዘጋል። ስለዚህ ጥይቷን በአንድ እጃችሁ ስታስገቡ ሌላው እጃችሁ አፈሙዙን ወይም የማቀባበያውን ዘንግ አጥብቆ ይያዝ፤ ጠመንጃው እስኪዘጋም አይልቀቀው።